ዓርብ የደረሰ ኢሜይል፣ ሰኞ የተከፈተ ችሎት

በለንደን አልድዊች ሀውስ በተካሄደው ሕዝባዊ ምርመራ ላይ አንድ ሰነድ በትልቁ ስክሪን ላይ ታየ። ጠያቂው የሕግ ባለሙያ የምስክሩን ትኩረት የሳቡት ወደ ሰነዱ ርዕስ ወይም ወደ ዋናው ጽሑፍ አልነበረም። ከገጹ ግርጌ ደቀቅ ባሉ ፊደላት የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፤ ማንም አንባቢ ዓይኑን ሳያሳርፍባት የሚያልፋት ዓይነት። መስመሯ ፋይሉ ከየትኛው ኮምፒዩተር፣ ከየትኛው ተጠቃሚ ማኅደር እንደታተመ ትናገራለች። የተጠቃሚው ስም በምስክሩ ወንበር ላይ የተቀመጡት የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የቀድሞ ከፍተኛ የወንጀል ጉዳዮች ጠበቃ ስም ነው። ቀኑም አለ፦ 8 ኦክቶበር 2010።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። በቀጣዩ ሰኞ፣ 11 ኦክቶበር፣ በጊልፎርድ ከተማ የዘውድ ፍርድ ቤት የወይዘሮ ሲማ ሚስራ የወንጀል ክርክር ተከፈተ። የገጹ ግርጌ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ የሰኞ ቀጠሮ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ለብቻው አንድ ሰው አንድ ወረቀት ማተሙን ብቻ ይነግረናል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለው ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ከኢሜይል፣ ከደብዳቤና ከፍርድ ቤት ሰነድ የተበተኑ ቀኖችን ሰብስቦ አንድ የተሟላ የጊዜ ቅደም ተከተል መሥራት የጠበቃ ረዳቶች፣ የመርማሪ ጋዜጠኞችና የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው የሚከታተሉ ባለጉዳዮች ሥራ ነው። አሠራሩን ለማየት የሚስራን ክርክር መርጫለሁ፤ ሰነዶቹ በሕዝባዊው ምርመራ አማካይነት ለማንም ክፍት ሆነዋልና። እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ፖስታ ቤቱ ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሥርዓት በቅርንጫፎቹ አስገባ፤ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ ነበር። ወይዘሮ ሚስራ በሰሪ አውራጃ የዌስት ባይፍሊትን ቅርንጫፍ በ2005 ተረከቡ። በጃንዋሪ 2008 ኦዲተሮች መጡና ወደ 74,600 ፓውንድ የሚደርስ ጉድለት አለ ተባለ። የሒሳብ መግለጫውን ያለ እውነት መሙላታቸውን አመኑ፤ ሌብነቱን ግን ካዱ። ክሱን የመሠረተው ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። በእንግሊዝ ሕግ ፖስታ ቤቱ ራሱ መክሰስ ስለሚችል፣ ከሳሹም፣ ማስረጃ ያዡም፣ ገንዘብ ጠፋብኝ ባዩም አንድ አካል ነበር። በ21 ኦክቶበር 2010 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ11 ኖቬምበር 15 ወር ተፈረደባቸው። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበሩ።

ቅደም ተከተል መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ኢሜይል ፈልጎ ከዚያ ወደ ፊት መጓዝ ያምረዋል። አይሆንም። መጀመሪያ የሚተከሉት የማይነቃነቁት ቀኖች ናቸው፤ እነሱም ፍርድ ቤት የመዘገባቸው ናቸው። ችሎት የተከፈተበት፣ ብይን የተሰጠበት፣ ቅጣት የተነገረበት ቀን በመዝገብ ያለ ስለሆነ ማንም ወገን አይከራከርበትም። በሚስራ ጉዳይ 11 ኦክቶበር፣ 21 ኦክቶበርና 11 ኖቬምበር 2010 እንዲህ ዓይነት ቀኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው እያንዳንዱ ወረቀት “ከችሎቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?” ተብሎ ይጠየቃል። በክርክር ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሠንጠረዡ ራሱ ቀላል ቢሆን ይመረጣል። በአንድ መስመር አንድ ክስተት፤ ቀኑ፣ የሆነው ነገር በአንድ ገለልተኛ ዐረፍተ ነገር፣ ምንጩ ከገጽ ቁጥሩ ጋር፣ በመጨረሻም ቀኑ ከየት እንደተገኘ። ገለልተኛ የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። “ጠበቃው ሰነዱን ደበቀ” ብሎ በሠንጠረዥ ውስጥ መጻፍ ክስ ነው። “ሰነዱ በጠበቃው መለያ ታተመ” ክስተት ነው። ክሱ ካለ ከክስተቶቹ አሰላለፍ ራሱ ይወጣል፤ ካልወጣም ምናልባት የለም ማለት ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ በክርክር የተናደደ ሰው የሚያዘጋጀው ሠንጠረዥ የሚበላሸው በዚህ ዐምድ ላይ ነው፤ ዳኛ አንድ የተጋነነ መስመር ካገኘ የቀሩትን መቶ መስመሮች በጥርጣሬ ያነባል።

ምንጩን መጻፍም እንዲሁ ወግ አይደለም። በሕዝባዊው ምርመራ እያንዳንዱ ሰነድ መለያ ተሰጥቶታል፤ ከፖስታ ቤቱ የመጣው በ`POL`፣ ከፉጂትሱ የመጣው በ`FUJ`፣ የመንግሥትን የባለቤትነት ድርሻ ከሚያስተዳድረው ድርጅት የመጣው በ`UKGI` ይጀምራል። እነዚህ ፊደላት ወረቀቱ ከማን ቁም ሣጥን እንደወጣ ይናገራሉ። አንድ ኢሜይል በሁለቱም ወገን ስብስብ ውስጥ ከተገኘ መላኩም መድረሱም ታወቀ ማለት ነው። በላኪው ስብስብ ብቻ ከተገኘ ግን ስለ መድረሱ ገና ምንም አልተባለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ቅጂዎችን “ድግግሞሽ” ብሎ ከመጣል በፊት ከየት እንደመጡ መመዝገብ ይገባል።

ኢሜይል ከሰነዶች ሁሉ ግልጹ ይመስላል፤ ቀንና ሰዓት ራሱ ይዞ ይመጣልና። ተንኮሉ ግን ብዙ ነው። አንደኛ፣ በመዝገብ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው ኢሜይል ሰንሰለት ነው። ከላይ የመጨረሻው መልእክት ይታያል፤ ከሥሩ ስድስትና ሰባት የቀደሙ መልእክቶች ተንጠልጥለዋል። ሰንሰለቱን በላይኛው ቀን ብቻ የመዘገበ ሰው ስድስት ክስተቶችን አንድ ቀን ላይ ከመረ ማለት ነው። እያንዳንዱ መልእክት ተቆርጦ በየራሱ መስመር መግባት አለበት፤ ተቀባዮቹም በየመልእክቱ ይለያያሉና ማን በየትኛው ነጥብ ላይ ወደ ወሬው እንደገባ የሚታየው ያኔ ነው። የተያያዘ ፋይልም ሰንሰለቱ ሲመላለስ ይወድቃል፤ መልስ ሲሰጥ አባሪው አይከተልም፣ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን ይከተላል። ስለዚህ “ኢሜይሉ ደርሶታል” እና “አባሪው ደርሶታል” ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ለማሳያ ብቻ የሠራሁትን ይህን የኢሜይል ራስጌ እንመልከት፦

```
Date: Fri, 8 Oct 2010 22:40:00 +0100
```

መጨረሻ ላይ ያለው `+0100` ላኪው ያለበት ቦታ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት አንድ ሰዓት እንደሚቀድም ይናገራል፤ በኦክቶበር መጀመሪያ ለንደን ገና በበጋ ሰዓቷ ላይ ናት። አዲስ አበባ `+0300` ስለሆነች ይኸው ኢሜይል እዚህ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ቅዳሜ 9 ኦክቶበር፣ 00:40 ብሎ ያሳያል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከአርባ ነው። የተቀበለውን ሰው ብትጠይቁት ግን “ዓርብ ሌሊት ደረሰኝ” ይላችኋል፤ በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ መልእክቶች መስለው ሊገቡ ይችላሉ። መፍትሔው አንድ የሰዓት ክልል መርጦ ሁሉንም ወደ እሱ መመለስና የመጀመሪያውን አጻጻፍ በጎን እንዳለ ማቆየት ነው። መንገዱን መከተል የፈለገ ደግሞ በሙሉው ራስጌ ውስጥ `Received:` የሚሉትን መስመሮች ከታች ወደ ላይ ያነባል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር መልእክቱን የተቀበለበትን ሰዓት ከቀዳሚው በላይ ይጽፋልና። `Date:` ከላኪው መሣሪያ የመጣ ነው፤ የዚያ መሣሪያ ሰዓት የተሳሳተ ከሆነ ከ`Received:` ጋር አይስማማም፣ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዓርብ ቀን ሰነድ እንመለስ። ጽሑፉን ያዘጋጁት የፉጂትሱ መሐንዲስ ጋሬዝ ጄንኪንስ ናቸው፤ በሚስራ ችሎት ስለ ሥርዓቱ የመሰከሩትም እሳቸው ናቸው። ሰነዱ በአዲሱ የሆራይዘን ስሪት ላይ የተገኘን የሶፍትዌር ስህተት ያብራራል። ቅርንጫፉ የሒሳብ ጊዜውን ሲዘጋ በተወሰነ ቅደም ተከተል ከተነካ፣ ልዩነቱ ከቅርንጫፉ ስክሪን ላይ ይጠፋል፤ በማዕከሉ መዝገብ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ መዝገቦች ሳይስማሙ ይቀሩና የቅርንጫፉ ኃላፊ ምንም ሳያውቅ ይቀጥላል። ስህተቱ ወደ 60 የሚጠጉ ቅርንጫፎችን ነክቷል።

ይህን ሰነድ በሠንጠረዥ ላይ የት እናስቀምጠው? ልምድ የሌለው ሰው በላዩ የተጻፈውን ቀን አይቶ 29 ሴፕቴምበር 2010 ላይ ያስገባውና ያልፋል። ነገር ግን ሰነዱ አንድ ቀን ብቻ የለውም። የተጻፈው 29 ሴፕቴምበር ነው። ወደ ፖስታ ቤቱ የወንጀል ሕግ ክፍል በኢሜይል የገባው 8 ኦክቶበር ነው። የታተመውም በዚያው ዕለት ነው። ተከሳሿ ዘንድ የደረሰበት ቀን ደግሞ አራተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በችሎቱ ወቅት አልደረሰም የሚል ነው። አንድ ወረቀት አራት መስመር ያዘ። በመጀመሪያው መስመር ብቻ ቢቀር ኖሮ ስለ አንድ መሐንዲስ የቢሮ ሥራ የሚናገር ተራ ማስታወሻ ይሆን ነበር። ክርክሩን የሚነካው ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ከ11 ኦክቶበር በላይ ሲያርፉ፣ አራተኛው ደግሞ ከሥሩ ባዶ ሲሆን ነው። በእንግሊዝ የወንጀል ሥርዓት ከሳሽ የራሱን ክስ የሚያዳክም ወይም ተከሳሹን የሚረዳ ነገር በእጁ ካለ ለመከላከያው የማሳየት ግዴታ አለበትና።

ስለዚህ በየሰነዱ ላይ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ መቼ ተጻፈ? መቼ ተላከ? መቼ ደረሰ? ሌላው ወገን መቼ አየው? ለደብዳቤም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን ይዞ ይወጣል፤ ያ የወጪ ቀን ነው። ተቀባዩ መዝገብ ቤት የሚያሳርፈው የገቢ ማኅተም ሌላ ቀን ይዟል፤ በሁለቱ መካከል ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በደብዳቤው ላይ “በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ” የሚል ካለ አሥሩ ቀን ከየትኛው እንደሚቆጠር የሚያጨቃጭቀው ለዚህ ነው። የፍርድ ቤት ሰነድም የተፈረመበት፣ ሬጅስትራር የተቀበለበትና መጥሪያው ለተከሳሹ የደረሰበት ቀኖች አሉት። ይርጋ ሲነሳ የሚፈለገው ክሱ ለፍርድ ቤት የቀረበበት እንጂ ጠበቃው ቢሮው ተቀምጦ የፈረመበት አይደለም። ማኅተሙ የደበዘዘ ቅጂ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን የሚገነዘበው ዘግይቶ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። በወረቀት ላይ 08/10/2010 ተብሎ የተጻፈ ቢገኝ ምን ቀን ነው? እንግሊዛዊ ከሆነ የጻፈው ኦክቶበር 8 ነው። አሜሪካዊ ከሆነ ኦገስት 10 ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከሆነ ደግሞ ሰኔ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ጁን 15 ቀን 2018 ላይ ይውላል። አንድ አጻጻፍ፣ ሦስት ቀን፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሚሆን ልዩነት። ዲያስፖራ ያለ ወንድም ከአገር ቤት ካለ እኅቱ ጋር ስለ ቤት ሽያጭ የተጻጻፈው ኢሜይልና የክፍለ ከተማው ደብዳቤ በአንድ ማኅደር ውስጥ ሲገናኙ ይህ ይከሰታል። በሠንጠረዡ ውስጥ ወሩ በስሙ ይጻፍ፤ አቆጣጠሩም ይጠቀስ።

ለውጡም በጭንቅላት ባይሠራ ይሻላል። መስከረም 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ከኦክቶበር 8 ቀን 2010 ጋር ይገጥማል። በቀጣዩ ዓመት ግን መስከረም 28 ቀን 2004 ዓ.ም. ኦክቶበር 9 ላይ ነው የሚውለው፤ 2003 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት የነበረው ዓመት ስለነበር አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ገባ። የአንድ ቀን መዛነፉ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቀጥላል። ለማረጋገጥ ጥሩው መንገድ የሳምንቱ ቀን ነው። ኢሜይሉ `Fri` ካለና እናንተ ያወጣችሁት ቀን ቅዳሜ ከሆነ አንድ ቦታ ተስቷል።

ቀን የሌለው ማስታወሻ ቢገኝስ? አይጣልም፣ ቀንም አይፈጠርለትም። ከሁለት ወገን ይታጠራል። የ29 ሴፕቴምበሩን ሰነድ በስሙ የሚጠቅስ ማስታወሻ ከዚያ ቀን ሊቀድም አይችልም፤ በ8 ኦክቶበር ኢሜይል ላይ ተያይዞ የተገኘ ደግሞ ከዚያ ሊዘገይ አይችልም። ሠንጠረዡ ውስጥ “ከ29 ሴፕቴምበር እስከ 8 ኦክቶበር ባለው ጊዜ፣ ከይዘቱ የተገመተ” ተብሎ ይገባል። የፋይሉ የውስጥ መረጃ፣ ማለትም ሜታዳታው፣ ይረዳል ተብሎ ይታሰባል፤ በጥንቃቄ ግን። “የተፈጠረበት ቀን” የሚለው ፋይሉ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ሊለወጥ ይችላል። አንዳንድ ደብዳቤዎች ደግሞ ቀናቸውን ከኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲወስዱ ሆነው ስለሚሠሩ በተከፈቱ ቁጥር የዛሬን ቀን ያሳያሉ። የ2010 ደብዳቤ በ2013 ታትሞ የ2013 ቀን ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ባዶ ቦታዎቹም መናገር ይጀምራሉ። በጁላይ 8 ቀን 2013 ሴከንድ ሳይት የተባሉት ገለልተኛ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርታቸውን አወጡ፤ ፖስታ ቤቱ ራሱ የነገራቸውን ሁለት የሶፍትዌር ስህተቶች ጠቀሱ። ከሳምንት በኋላ፣ በጁላይ 15፣ ለፖስታ ቤቱ የሚሠሩት ጠበቃ ሳይመን ክላርክ አንድ የምክር ጽሑፍ ጻፉ፤ ጄንኪንስ የሚያውቋቸውን ስህተቶች ለፍርድ ቤት በሰጡት ቃል ሳይገልጹ ቀርተዋል፣ ስለዚህ ከሳሹ ግዴታውን ጥሷል የሚል። ጄንኪንስ በበኩላቸው በ2024 ለሕዝባዊው ምርመራ ሲመሰክሩ የባለሙያ ምስክር ግዴታዎች ምን እንደሆኑ በአግባቡ አልተነገረኝም ብለዋል። በኦገስት 2 ቀን 2013 ክላርክ ሁለተኛ ምክር ጻፉ፤ ይህኛው ስለ ሥርዓቱ ችግሮች ይካሄድ የነበረው ሳምንታዊ የስልክ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲወገድ መመሪያ ተሰጥቷል መባሉን የሚመለከት ነበር።

የመጀመሪያው የክላርክ ምክር ተፈርዶባቸው ይግባኝ ባሉት ሰዎች ጠበቆች እጅ የገባው በ2020 መጨረሻ ነው። ከጁላይ 2013 እስከ 2020 ያለው ክፍተት በሠንጠረዡ ላይ ምንም ክስተት የለውም፤ ሆኖም ራሱን ችሎ መስመር ይገባዋል። “በዚህ ጊዜ ውስጥ ለተፈረደባቸው ሰዎች ምክሩ አልተላከም።” እንዲህ ያለውን መስመር ለመጻፍ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ የተፈለገው የት የት እንደሆነ መታወቅ አለበት። አለማግኘትና አለመኖር የሚለዩት የተፈለገበት ቦታ ዝርዝር ሲኖር ነው። ሰነድ እንደሚወገድ የሚጠቁም ወረቀት በተገኘበት ክርክር ውስጥ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል።

ሠንጠረዡ የማይናገረውንም መናገር ተገቢ ነው፤ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነውና። የዓርቡ ሰነድ ያብራራው ስህተት በ2010 በገባው አዲሱ ስሪት ላይ የታየ ነው። ወይዘሮ ሚስራ ከሥራ የታገዱት በጃንዋሪ 2008 ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ያ ስህተት የዌስት ባይፍሊትን ጉድለት ሊፈጥር እንደማይችል ወዲያው ያያል። ይህን ከሠንጠረዡ ማውጣት ፈተና ነው፤ ታሪኩን ያሳምረዋል። ማውጣት ግን አይገባም። የሰነዱ ክብደት በሌላ ቦታ ነው። በጊልፎርድ ችሎት የመከላከያው ጥያቄ “ሥርዓቱ ይሳሳታል ወይ?” የሚል ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ሥርዓቱ የሚታመን መሆኑን ይከራከር ነበር። ያን ጥያቄ የሚነካ ወረቀት በከሳሹ ሕግ ክፍል ውስጥ ከችሎቱ ሦስት ቀን በፊት ተቀምጧል። በ2008 የጠፋውን ገንዘብ ባያስረዳም፣ በ2010 ማን ምን በእጁ ይዞ ችሎት እንደገባ ያስረዳል።

የገጹ ግርጌም እንዲሁ ወሰን አለው። በዚያ ቀን ከዚያ መለያ ታተመ ይላል። ማን እጁ ላይ እንደያዘው፣ ማን እንዳነበበው፣ አንብቦም ምን እንደተረዳው አይልም። ጸሐፊ ለአለቃው ያትማል፤ አንድ ሰው አትሞ ሳያነብ ማኅደር ውስጥ ይከታል። ለዚህም ነው ሕዝባዊው ምርመራ መስመሯን በስክሪን ላይ አውጥቶ ሰውየውን በመሐላ የጠየቀው፤ ሠንጠረዡ ጥያቄውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያደርሳል፣ መልሱን ግን ከሰው ይጠብቃል።

የወንጀል ጉዳዮች ዳግም ማጣሪያ ኮሚሽን የሚስራን ጉዳይ ከሌሎች ጋር በ2020 ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መራው። ፍርድ ቤቱ በ23 ኤፕሪል 2021 የ39 ሰዎችን የጥፋተኝነት ውሳኔ ሻረ፤ ክሶቹ ፍትሐዊ ፍርድ እንዳይገኝ ከማድረጋቸውም በላይ መከሰሳቸው ራሱ የፍትሕን ሕሊና የሚያውክ ነበር አለ። ወይዘሮ ሚስራ ከነሱ አንዷ ነበሩ። ከዓርቡ ኢሜይል እስከዚያ ፍርድ ድረስ ያለፈው ጊዜ አሥር ዓመት፣ ስድስት ወርና አሥራ አምስት ቀን ነው።